ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 44.8 ሴንቲሜትር፦ ማስመሪያው ምን ነካው?

ባለፈው ሳምንት የማዘወትረው የውይይት መድረክ ላይ የተከፈተ አንድ ክር ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ ድሮ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የተለካ ርቀት ለምን እንደሚሳሳት ክፍል ውስጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር የማልፈው፤ እዚህ ክር ላይ ግን ሰዎች እየተከራከሩ አንድ በአንድ ፈለቀቁት። ላላያችሁት ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ክሩን የከፈተው ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አባት ነው። ለሴት ልጁ ትልቅ የዓለም ካርታ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎላታል። ልጅቷ አዲስ አበባ ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቀችው። ማስመሪያ አምጥቶ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለካ፤ 44.8 ሴንቲሜትር ሆነ። ካርታው ግርጌ ላይ 1 ለ 30 ሚሊዮን ይላል፤ አንዷ ሴንቲሜትር 300 ኪሎ ሜትር ማለት ነች። ሲያባዛው 13,440 መጣ። ልጅቷ ግን ስልኳ ላይ ስትለካ ያገኘችው 11,560 አካባቢ ነው። ልዩነቱ 1,900 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እሱን ይበልጥ ግራ ያጋባው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ካርታ ከአዲስ አበባ መቀሌ ሲለካ 1.7 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 510 ኪሎ ሜትር አገኘ። በአየር ያለው ትክክለኛ ርቀት 500 ገደማ ነው። እዚያ ልክ የሆነ ማስመሪያ እዚህ ምን ሆነ? ጥያቄው ይህ ነበር።

1ኛው መላሽ ብዙም አላሰበበትም። አለካክህ ነው የተሳሳተው፣ ካርታው ግድግዳው ላይ ተጨማዶ ይሆናል፣ አውርደህ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ለካ የሚል ምክር ሰጥቶ ሄደ። 2ኛዋ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረዳችው። አውሮፕላኑ የሚበረው መንገድ ነው የተጠየቀው ብላ፣ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ለዓመታት ደብሊን ላይ ያርፍ እንደነበር አስታወሰችና ልዩነቱ ከዚያ የመጣ መሆን አለበት ብላ ደመደመች። አባትየው በትህትና መለሰላት። የለካው ሁለት ነጥብ መካከል ያለውን ቀጥታ ርቀት እንጂ የበረራ መስመር እንዳልሆነ፣ ካርታውንም አውርዶ እንደገና እንደለካውና ያው 44.8 እንደሆነ ጻፈ። ይህ 3ኛው መልስ ነው።

4ኛው ላይ የመጣው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመት የካርታ ሥራ የሠራ ሰው እንደሆነ በኋላ ነው የገባን። መልስ ከመስጠቱ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ ካርታው ላይ በአግድም የተሰመሩት የኬክሮስ መስመሮች ርቀታቸው እኩል ነው ወይስ ወደ ሰሜን በሄድክ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል? ሁለተኛ፣ ከስኬሉ አጠገብ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ? አባትየው ሄዶ አየና 5ኛው ላይ ተመለሰ። መስመሮቹ እየሰፉ ይሄዳሉ። ከስኬሉ ሥር ደግሞ በምድር ወገብ ላይ ብቻ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ያለ መነጽር አይነበብም።

ስለዚህ ካርታው መርካቶር የሚባለው ዓይነት ነው። በእኔ እምነት የክሩ ትልቁ ነገር ይቺ ምርመራ ናት። ካርታ ገዝቶ ርቀት የሚለካ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ነገሮች ቢያይ ግማሹ ስህተት አይፈጠርም ነበር።

6ኛው መላሽ በጣም በራሱ የሚተማመን ልጅ ነው። መርካቶር ካርታን በየኬክሮሱ እንደሚለጥጥ ያውቃል። የምድር ወገብ ላይ ልክ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በ1 በመቶ ገደማ ይለጥጣል፤ ዋሽንግተን ላይ ግን ወደ 29 በመቶ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ቀጥሎ መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የሁለቱን ከተሞች አማካይ ኬክሮስ 24 ዲግሪ ወስዶ በኮሳይኑ ማባዛትን ነው። 13,440 ሲባዛ ወደ 12,280 ወረደ። ከዚያ ግን 11,560 አልደረሰም፤ 700 ኪሎ ሜትር ይተርፋል። እሱ ታዲያ ስልኩ ነው የተሳሳተው ብሎ ፈረደ። የስልክ ካርታ የሚሠሩት ሰዎች ክብ ምድር መለካት እንደማይችሉ ያህል አድርጎ ነው የጻፈው፤ ትንሽ አናደደኝ።

7ኛው ላይ ካርታ ሠሪው ተመለሰ፤ ረጅሙን መልስ የጻፈውም እዚህ ነው። በራሴ ቃል ልንገራችሁ። ልጁ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ማስመሪያው አንድ ሳይሆን ሁለት ስህተት ነው የሠራው፤ ሁለቱ ተደራርበው ስለመጡ አንድ መሰሉን። የመጀመሪያው የስኬሉ ነው። ካርታው ላይ ያለች አንድ ሴንቲሜትር አዲስ አበባ አጠገብ 300 ኪሎ ሜትር ልትጠጋ ትችላለች፤ ዋሽንግተን ስትደርስ ግን 233 ኪሎ ሜትር ብቻ ነች። ይህንን በአማካይ ሳይሆን በየቦታው በትክክል ካረምከው የማስመሪያዋ መስመር መሬት ላይ 12,090 ኪሎ ሜትር ትሆናለች። እዚህ ድረስ ያለው የስኬል ጣጣ ነው።

የቀረው 530 ኪሎ ሜትር ግን ከስኬል ጋር አይገናኝም። መስመሯ ራሷ አጭሩ መንገድ አይደለችም! በማስመሪያ የተሰመረችው መስመር ከአዲስ አበባ ተነስታ ሱዳንን፣ ቻድን፣ የማሊን በረሃ አቋርጣ በምዕራብ ሳሃራ ዳክላ አካባቢ ነው ወደ ውቅያኖስ የምትወጣው። እውነተኛው አጭር መንገድ ግን ሱዳንን ካለፈ በኋላ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ ስፔንና ፖርቱጋልን አቋርጦ ነው አትላንቲክ ላይ የሚወጣው። ካርታው ላይ ስታየው ሰሜን ዞሮ የሚሄድ ይመስላል። ዙር ግን አይደለም። ወደ ምዕራብ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ለመሄድ አዲስ አበባ ኬክሮስ ላይ 110 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ 40ኛው ዲግሪ ላይ 85 ብቻ ነው። 116 ዲግሪ ወደ ምዕራብ መሄድ ያለበት ሰው ቶሎ ወደ ሰሜን ከወጣ እያንዳንዷን ዲግሪ በርካሽ ይገዛታል። መርካቶር ካርታ ግን ሁሉንም ዲግሪ እኩል ስፋት አድርጎ ስለሚስል ይህ ርካሽነት ከዓይን ተሰወረ።

መቀሌ ላይ ለምን ልክ እንደመጣም በዚያው አስረዳ። እዚያም ስህተት አለ። 500ው ኪሎ ሜትር ካርታው ላይ በ2 በመቶ ያህል ተለጥጧል፤ ያ ግን ካርታው ላይ የሴንቲሜትር ሦስት መቶኛ ነው። የእርሳስ ጫፍ እንኳ ከዚያ ይወፍራል። ስለዚህ ማስመሪያው መቀሌ ላይም ልክ አልነበረም፤ ስህተቱ ስላልታየ ነው ያመንነው።

8ኛዋ መላሽ ከባድ ነገር ማቅለል ታውቅበታለች። አንድ እንጀራ ወስዳችሁ የልጆች ኳስ ላይ አልብሱ አለች። መሃሉ ልጥፍ ይላል፤ ጠርዙ ጋ ግን ወይ ይጨማደዳል ወይ ይቀደዳል። ካርታ ሠሪ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ ከኳሱ ላይ ያለውን ልጣጭ ጠፍጣፋ ማድረግ። ሳይለጠጥ ወይ ሳይቀደድ አይሆንም። ካርታ ሠሪው በአጭሩ አከለበት። ጋውስ የተባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1827 ይህንን አረጋግጦታል፤ ሁሉንም ርቀት ልክ የሚያሳይ ጠፍጣፋ ካርታ ለወደፊትም አይሠራም። ሰው ስላልጎበዘ አይደለም፤ ስለማይቻል ነው።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። 10ኛው ላይ የመጡት የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ አጻጻፋቸው ቆጣ ያለ ነው። ለ15 ዓመት በጠፍጣፋ ካርታ ይዞታ ሲለኩ እንደኖሩ፣ አንድም ቀን አጥር ተሳስተው እንደማያውቁ፣ ይህ ሁሉ የኳስና የእንጀራ ወሬ ሥራ ፈት ለሆነ ሰው እንደሆነ ጻፉ። ሁለት ሦስት ሰው ደገፋቸው። አንዱማ ውጭ ሀገር ያሉ ሰዎች ቀላሉን ነገር ያወሳስባሉ እስከማለት ደረሰ፤ ያ አላስፈላጊ ነበር።

ካርታ ሠሪው አልተቆጣም። ጋሼ ብሎ በአክብሮት ጀመረና እርሳቸው የሚሠሩበት ካርታ ከግድግዳው ካርታ ጋር እንደማይመሳሰል ነገራቸው። የእርሳቸው ካርታ የሚሠራበት ዩቲኤም የተባለው ዘዴ ምድርን በ6 በ6 ዲግሪ ቆራርጦ እያንዳንዷን ቁራጭ ለብቻ ጠፍጣፋ ያደርጋል። ኢትዮጵያ 36፣ 37 እና 38 የተባሉት ዞኖች ውስጥ ትወድቃለች፤ አዲስ አበባ የ37ኛው ዞን መሃል መስመር አጠገብ ነች። ያም ሆኖ መሃል መስመሩ ላይ ካርታው 0.9996 ተደርጎ ሆን ተብሎ ተኮማትሯል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 40 ሴንቲሜትር ይጎድላል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ሲጨመርበት ጉድለቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። 20 ሜትር አጥር ላይ ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ ስለማይሞላ አይታይም። ረጅም መንገድ ቀያሽ ግን በየቀኑ ያርመዋል። እሳቸውም 12ኛው ላይ ተመልሰው ይህንን እንደሚያውቁት፣ መሣሪያው ራሱ ስለሚያርመው ረስተውት እንደነበር ጻፉ። በጣም ወደድኳቸው።

13ኛው ወሬውን ወደ ፖለቲካ ወሰደው። መርካቶር አፍሪካን ለማሳነስ ሆን ተብሎ የተሠራ ካርታ ስለሆነ ትክክለኛውን ካርታ ብንጠቀም ርቀቱም ይስተካከላል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአፍሪካ ኅብረት ኢኩዋል ኧርዝ የተባለውን ካርታ ለማስለመድ የተጀመረውን ዘመቻ መደገፉን ጠቀሰ። እኔ ሳልችል ቀርቼ 14ኛው ላይ የገባሁት እዚህ ነው። የአፍሪካ ስፋት ክፍል ውስጥ በትክክል መታየት አለበት፤ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ተማሪዎቼ ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል ሲመስላቸው አይቻለሁና፤ እውነቱ አፍሪካ 14 እጥፍ ትበልጣለች። ነገር ግን መርካቶር የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1569 ያንን ካርታ ያወጣው ለመርከበኛ ነው። ኮምፓሱን አንድ አቅጣጫ ላይ አስሮ የሚሄድ መርከበኛ መንገዱን በማስመሪያ እንዲያሰምር። ማስመሪያችን ዳክላ ላይ የወጣችውም ለዚህ ነው፤ ያቺ የማይለወጥ የኮምፓስ አቅጣጫ መስመር ናት። ደግሞም ስፋትን ልክ የሚያሳይ ካርታ ርቀትን ልክ አያሳይም። አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን ይለጥጣል።

አንዱ ወዲያው ርቀት ልክ የሚያሳይ ካርታ አለ ብሎ አረመኝ፤ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ላይ ያለው ዓይነት ነው ብሎ። ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነው የተናገረው። ያ ካርታ ልክ የሚሆነው ከመሃሉ ሲለካ ብቻ ነው። መሃሉ አዲስ አበባ ቢሆን ከአዲስ አበባ ወደየትም ብትለካ ትክክል ታገኛለህ። በዚያው ካርታ ከዋሽንግተን ሌጎስ ከለካህ ግን ተመልሰህ ስህተት ውስጥ ነህ። ዓርማው ላይ መሃሉ የሰሜን ዋልታ ነው፤ ከዋልታው ለመለካት ላልፈለገ ሰው ብዙ አይጠቅመውም።

17ኛዋ የራሷን ጉዳይ ነው ይዛ የመጣችው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ልቤን የነካው እሱ ነው። አባቷ ወደ ቨርጂኒያ ሲመጡ ቂብላን የወሰኑት ከግድግዳ ካርታ ነው። መካ ከዋሽንግተን በምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ትመስላለች። ዓመት ሙሉ ወደዚያ ሰገዱ። አንድ ቀን የመስጊድ ሰዎች ቤት መጥተው ምንጣፉን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ 56 ዲግሪ ተኩል አካባቢ፣ አዞሩት። አባቷ መካ በስተሰሜን ነች እንዴ ብለው ደነገጡ። ልክ የአዲስ አበባው መስመር ነው፤ አጭሩ መንገድ ከዋሽንግተን ሲነሳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው የሚወጣው። አንድ መላሽ ግን ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በደቡብ ምሥራቅ የሚሰግዱም እንዳሉ፣ አቅጣጫ ማለት አጭሩ መንገድ ነው የሚለው ራሱ ክርክር እንዳለበት አስታወሰ። ሌላው መለሰለት፤ እሱም መለሰ። አልተስማሙም፤ የሒሳብ ጥያቄም ስላልሆነ ማንም ጣልቃ አልገባም።

በመሃል የ2ኛዋ ወሬ ተነሳና አውሮፕላኑ ሲሄድ አርፎ ሲመለስ ለምን እንደማያርፍ ጥቂት መልሶች ባከኑበት። ርቀቱ ያው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,330 ሜትር አካባቢ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ለ11,560 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ዱለስ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ይቀላል። 2ኛዋ እህት በስተመጨረሻ መልሷን አገኘች።

22ኛው ፍራንክፈርት ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ነው። መሥሪያ ቤቱ የጭነት ዋጋ በርቀት የሚያሰላ ፕሮግራም ነበረው፤ ርቀቱ የሚሰላው በዲግሪ ላይ በፓይታጎረስ ነበር። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ሲገቡ 120 ዲግሪ ይወጣል፤ በ111 ይባዛል፤ 13,300 ይመጣል። አውሮፓ ውስጥ ያሉ አጫጭር ጭነቶች ላይም ስህተት እንደነበረ፣ ግን ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ደንበኛ እንዳልጮኸ ጻፈ። የጮኸው የሩቁ ደንበኛ ነው። ያስተካከለው በዚህ ነው፦

```sql
SELECT ST_Distance(
  'POINT(38.80 8.98)'::geography,
  'POINT(-77.46 38.94)'::geography
) / 1000;
```

ዋናዋ ነገር geography የምትለው ቃል ናት። በእሷ ቦታ geometry ቢጻፍ ኮምፒውተሩ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ወደ ጠፍጣፋው ይመለሳል። ካርታ ሠሪው ይህን ሲያነብ ትልልቆቹም እንደሚሳሳቱ ጠቀሰ። ዘ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2003 የሰሜን ኮሪያ ሚሳይሎች የት ድረስ እንደሚደርሱ ለማሳየት መርካቶር ካርታ ላይ በኮምፓስ እንደተሳለ ያለ ድፍን ክብ አወጣ። በመርካቶር ላይ የሩቅ ርቀት ክብ ሆኖ አይወጣም፤ ወደ ዋልታው ተዘርጥጦ ተጣሞ ነው የሚወጣው። መጽሔቱ በኋላ ካርታውን አርሞ አወጣ።

6ኛው ልጅ ጠፍቶ ጠፍቶ እዚህ ላይ ተመለሰ። በስልኩ ላይ የፈረደው ትክክል እንዳልነበር አምኖ፣ ያለ ኮምፒውተር ማረጋገጫ መንገድ ካለ እንዲነግሩት ጠየቀ። መልስ የሰጠችው ባለ እንጀራዋ ናት። ሉልና ክር ይበቃል። ክሩን በሁለቱ ከተሞች መካከል ወጥረህ ያዝ፤ ራሱ አጭሩን መንገድ ይፈልጋል።

የመጨረሻዎቹን መልሶች የጻፈው አባትየው ነው። ከሠፈር ቤተ መጻሕፍት ወርዱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ሉል ተውሰው መጡ። ዙሪያው 94 ሴንቲሜትር፣ የምድር ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር፤ ስለዚህ አንዷ ሴንቲሜትር 425 ገደማ ናት። ክሩ 27 ሴንቲሜትር ሆነ። 11,475። አንድ ሚሊ ሜትር 42 ኪሎ ሜትር በሆነበት መሣሪያ ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

ልጅቷ ግን በዚያ አልበቃትም። ክሩ ሉሉ ላይ ያለፈባቸውን ቦታዎች፣ የሊቢያን በረሃ፣ የአልጄሪያን ጠረፍ፣ ፖርቱጋልን፣ አትላንቲክ መሃል 45ኛውን ዲግሪ ሊነካ የቀረበትን ቦታ፣ እየጻፈች ግድግዳው ካርታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገች። ከዚያ ምልክቶቹን ተከትላ በፕላስተር ክር ለጠፈች። ክሩ ወደ ላይ የተለጠጠ ቀስት መሰለ። ፈትታ ስትለካው 48 ሴንቲሜትር ሆነ። ከአባቷ ቀጥ ያለ መስመር በ3 ሴንቲሜትር ይበልጣል፤ መሬት ላይ ግን በ530 ኪሎ ሜትር ያጥራል። ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ለጥፋ ፎቶ አንስታዋለች፤ የውይይቱ ክር ላይ የወጣው የመጨረሻው ነገር ያ ፎቶ ነው።